ዓይን ያለው እንጀራ፦ የፊትን ጉድፍ ቆዳውን ሳይነኩ ስለማንሳት

ጥሪው ሲደርሰኝ «ስለ ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን ንገረን» ይል ነበር። ስሙ ከሥራው ይከብዳል። ስሙን ለጊዜው እንተወውና እኔን ያስተማሩኝን ሴት ላስተዋውቃችሁ። ፎቶሾፕ ከፍተው አያውቁም፤ እንጀራ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋግረዋል።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን የአንዲት ሙሽራ የመልስ ቀን ፎቶ ተሰጠኝ። በትልቁ ታትሞ ሳሎን የሚሰቀል ነው። ሦስት ሌሊት ተቀመጥኩበት። የብጉር ጠባሳ የለ፣ የግንባር ወዝ የለ፣ አንዲት ነጥብ የለ፤ በራሴ ኮራሁ። ሊወስዱት የመጡት እናትየዋ ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩትና «የኔ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ፤ ግን ይቺ ማን ናት?» አሉኝ። ልጅዎ ናት እትዬ፣ አልኳቸው። «አይደለችም። ዓይን እንደሌለው እንጀራ አድርገሃታል» አሉ።

ምጣዱ በደንብ ሳይግል የተጋገረ እንጀራ ዓይን አያወጣም። ቀለሙ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ክቡ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል፤ የሚያየው ሰው ግን ገና ሳይቀምሰው አንድ ነገር እንደጎደለው ያውቃል። እኔም የልጅቷን ቆዳ ያደረግኩት እንደዚያ ነበር። ጠባሳውን ለማጥፋት ፊቷን በሙሉ አደበዘዝኩት፤ ጠባሳው ሲሄድ የላብ ቀዳዳዎቿንም ይዟቸው ሄደ።

እንጀራውን ትንሽ እናቆየው። አንድ እንጀራ ፊታችሁ ተዘርግቶ ሁለት ነገር ልትጠይቁ ትችላላችሁ። አንደኛው ቀለሙ ምን ይመስላል፣ ነጭ ጤፍ ነው ሰርገኛ፣ አንድ ጎኑ ጠቆር ብሏል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ዓይኑ እንዴት ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ከበሩ ላይ ሆናችሁ ትመልሱታላችሁ፤ ለሁለተኛው መጠጋት አለባችሁ። ፊትም እንደዚሁ ነው። ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ ነገር አለ፦ የቆዳው ቀለም፣ የጉንጭ ጥላ፣ ማዲያት፣ የግንባር ወዝ። ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥም አለ፦ የላብ ቀዳዳ፣ ለስላሳ ጸጉር፣ የከንፈር መስመር፣ ሽፋሽፍት። ፍሪኩዌንሲ የሚባለው የዚህ መለዋወጥ ፍጥነት ነው፤ ቀስ የሚለው ዝቅተኛ፣ ቶሎ ቶሎ የሚለው ከፍተኛ። ኦድ ኦሊቫ የምትባል ተመራማሪ የሠራችው የታወቀ ምስል አለ፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት አንስታይን ነው፣ ራቅ ስትሉ ማሪሊን ሞንሮ ይሆናል። የአንዱን ሰው ዝርዝር ከሌላው ሰው ጥላ ጋር አጋብታው ነው። የእኛ ሥራ የእሷ ግልባጭ ነው። እኛ የአንድን ሰው ዝርዝርና ቀለም እናፋታለን፣ እያንዳንዱን ለየብቻ እናስተካክላለን፣ ከዚያ መልሰን እናጋባቸዋለን።

ፍቺው እንዴት እንደሚፈጸም በቁጥር ላሳያችሁ፤ አትፍሩ፣ ከመደመርና ከመቀነስ አያልፍም። ጉንጭ ላይ ያለች አንዲት የላብ ቀዳዳ እንውሰድ። ፒክስሏ ጠቆር ያለች ናት፣ ብርሃኗ 142 ነው እንበል። በዙሪያዋ ያለው ቆዳ ሲደበዝዝ አማካዩ 150 ይሆናል። ስለዚህ ቀዳዳዋ ከአካባቢዋ በ8 ትጨልማለች። ያቺ «በ8 ትጨልማለች» የምትለው መረጃ ናት የቆዳው ዓይን።

```
142 − 150 = −8
−8 ÷ 2 + 128 = 124
150 + 2 × (124 − 128) = 142
```

ፎቶሾፕ ከዜሮ በታች የሆነ ፒክስል ስለማያስቀምጥ ልዩነቱን በ128 ላይ ያሳርፈዋል፤ 128 መካከለኛው ግራጫ ነው፣ «ምንም ልዩነት የለም» ማለት ነው። በሁለት የሚያካፍለው ደግሞ ልዩነቱ እስከ 255 ሊደርስ ስለሚችል በአንድ ሌየር ውስጥ እንዲገባ ነው። ሦስተኛው መስመር መልሶ ማጋባቱ ነው፤ ግማሹን እጥፍ ያደርገውና ከደበዘዘው ጋር ይደምረዋል፣ 142 ተመልሶ ይመጣል። አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉልኝ። ያ አካባቢ ማዲያት ስላለበት ከታች ያለውን 150 ወደ 158 ብታነሱት ቀዳዳዋ 150 ትሆናለች። ቆዳው ፈካ፤ ቀዳዳዋ ግን ዛሬም ከጎረቤቶቿ በ8 እንደጨለመች ናት። እንጀራው ነጣ፣ ዓይኑ አልተነካም።

ወደ አሠራሩ ልግባ። ፎቶውን ከፍታችሁ Ctrl+J ሁለት ጊዜ ትጫናላችሁ፤ ሁለት ግልባጭ ይወጣል። የታችኛውን «ቀለም»፣ የላይኛውን «ዝርዝር» በሉት። የላይኛውን የዓይን ምልክት አጥፍታችሁ የታችኛውን Gaussian Blur ታደርጉታላችሁ። ከዚያ የላይኛውን መልሳችሁ አብርታችሁ፣ እሱ ላይ ሆናችሁ ከ Image ማውጫ Apply Image ትከፍታላችሁ። Layer በሚለው ቦታ «ቀለም»ን፣ Blending በሚለው Subtract ትመርጣላችሁ፤ Scale 2፣ Offset 128። ስክሪኑ ግራጫ ይሆናል፤ የሰውየው ፊት በአመድ ላይ የተቀረጸ ይመስላል። በመጨረሻ የዚያን ሌየር አቀማመጥ Linear Light ስታደርጉት ፎቶው እንደነበረ ይመለሳል።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው እጅ ይሳሳታል። ይህ ቁጥር ለ8 ቢት ፋይል ነው። ፋይላችሁ 16 ቢት ከሆነ Blending ወደ Add ይቀየራል፣ Invert ላይ ምልክት ይደረጋል፣ Scale 2፣ Offset ደግሞ 0 ይሆናል። መመሪያው የተለያየ ቢመስልም ስሌቱ ያው መቀነስ ነው። እኔ ከካሜራው ጥሬ ፋይል ተነስቼ በ16 ቢት ነው የምሠራው፤ በ8 ቢት በሁለት ስታካፍሉ ጎዶሎ ቁጥሮች ላይ አንዲት እርከን ትጠፋለች። በዓይን አትታይም፤ ግን ደጋግማችሁ የምትነኩት ፎቶ ላይ አንዷ ከሌላዋ ጋር ትደመራለች።

በትክክል እንደሠራችሁ ማወቂያው ቀላል ነው። ሁለቱን ሌየሮች በአንድ ግሩፕ አስገቡና ግሩፑን አጥፉ፣ አብሩ። ፎቶው ከተንቀሳቀሰ፣ ከፈካ ወይ ከጨለመ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል። ምንም ካልተለወጠ ትክክል ነው። ተማሪዎቼ «ይህን ሁሉ ሠርተን ምንም አልተለወጠም» ብለው ሲያዝኑ አያለሁ። ያልተለወጠው ስለተሳካ ነው።

አሁን የቀረችው አንዲት ቁጥር ናት፤ የብለሩ Radius። ከሁሉም የከበደችው እሷ ናት፣ ምክንያቱም ከኢንተርኔት የሚቀዳ ቁጥር የላትም። «10 አድርግ» የሚላችሁ ሰው የእናንተን ፎቶ አላየም። ቁጥሯ የምትወሰነው ፊቱ በፎቶው ውስጥ ስንት ፒክስል እንደያዘ ነው። ፎቶውን 100% ላይ አድርጉትና ጉንጩን እያያችሁ ከ1 ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። የላብ ቀዳዳው ሊጠፋ ሲል ታዩታላችሁ፤ ልክ ሲጠፋ ቁሙ። አፍንጫው አፍንጫ መሆኑ፣ የከንፈሩ ቅርጽ መታወቅ አለበት። ካለፋችሁት ማዲያቱና የብጉሩ ጥላ ከቀለም ወጥተው ወደ ዝርዝር ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ቀለሙን የፈለጋችሁትን ያህል ብታስተካክሉ ነጥቡ ከላይ ሆኖ ይስቅባችኋል። ካሳነሳችሁት ደግሞ ቀዳዳዎቹ በቀለም ውስጥ ይቀራሉ፤ ቀለሙን ስትነኩ እነሱንም ትነካላችሁ፣ ማለትም ወደ እኔ የመጀመሪያ ሥራ ትመለሳላችሁ።

አንድ ፎቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሥራ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ በቁመት የተነሳ፣ ሙሽራ በሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላዋ እስከ አገጯ ጫፍ ተጠግቷል። ከአገጯ እስከ ጸጉሯ መነሻ ወደ 2000 ፒክስል ይሆናል። ቀኝ ጉንጯ ላይ ያለፈ ብጉር ጥሏቸው የሄደ ሦስት ጥቋቁር ነጥቦች አሉ፤ እያንዳንዱ ወደ 40 ፒክስል ስፋት አለው። አገጯ ላይ አንድ አዲስ ብጉር ወጥቷል። ሠርግ ሲደርስ ሁልጊዜ ይወጣል፤ ለምን እንደሆነ ሐኪም ጠይቁ። ግንባሯ ላይ ፍላሹ አብርቷል።

መጀመሪያ አዲሱን ብጉር። ይህንን ሳንለያይ፣ በዋናው ፎቶ ላይ በ Healing Brush አነሳዋለሁ። ብጉር ቀለምም ቅርጽም ነው፤ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ጥላ ጥሏል። ሁለት ሌየር ላይ ሁለት ጊዜ ከማሳደድ አንድ ጊዜ መንቀል ይሻላል። መለያየቱ የሚያስፈልገው ለሚቀረው ነው፤ ቆዳው ጤነኛ ሆኖ ቀለሙ ብቻ ለተበላሸበት ቦታ። የእኛ ቆዳ ላይ ብዙው ጉድፍ እንደዚህ ያለ ነው። ጠይም ቆዳ ሲቆስል ድኖም ቢሆን ጥቁር ቦታ ይተዋል። ቆዳው ግን ለስልሷል፤ ዓይኑ በቦታው ነው፣ ከላይ የሚነካ ነገር የለውም።

ብጉሩ ከተነሳ በኋላ ለያየሁት። ለዚህ ፎቶ Radius 9 በቂ ሆኖ አገኘሁት። ሦስቱ ነጥቦች ከዚያ በብዙ ይሰፋሉና በቀለም ሌየር ውስጥ ቀሩ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ Lasso ይይዝና ነጥቡን ከብቦ ያደበዝዘዋል። ይሠራል፤ ነገር ግን ጥቁሩን አያነሳውም፣ ለጎረቤቶቹ ያካፍለዋል። እኔ በሁለቱ ሌየሮች መሃል ባዶ ሌየር እጨምራለሁ። ለስላሳ ብሩሽ፣ Flow 10% አካባቢ፣ ከነጥቡ አጠገብ ካለው ጤነኛ ቆዳ ቀለም በ Alt እወስድና ቀስ እያልኩ እደርብበታለሁ። ቀለሙን ስወስድ ግን የዝርዝር ሌየሩን አጥፍቼ ነው፤ ያለበለዚያ ብሩሼ ድንገት የአንዲት ቀዳዳን ጨለማ ይዞ ይመጣል። የዚህ መንገድ ጥቅሙ ነገ መመለስ መቻሉ ነው። እናትየዋ «በዛ» ካሉ Opacity ቀነስ ማድረግ ነው።

ነጥቡ ሄዶ በቦታው ቀጭን ቀለበት ቢቀር አትደንግጡ። የነጥቡ መሃል በቀለም ውስጥ ነበረ፤ ጠርዙ ግን ድንገት ስለሚለወጥ ወደ ዝርዝር አምልጧል። ከሦስቱ አንዱ እንደዚያ ሆነብኝ። እሱን ዝርዝር ሌየር ላይ በ Clone Stamp አነሳሁት። እዚህ ሁለት ጥንቃቄ አለ። Sample የሚለው Current Layer ላይ መሆን አለበት፤ Current & Below ላይ ከቆየ ከታች ያለውን ቀለም ይዞ ወጥቶ በግራጫው ላይ ይደፋዋል፣ ጉንጩ ላይ እንግዳ እድፍ ታያላችሁ። ሁለተኛ፣ ቆዳ የምትበደሩት ከቅርብ ጎረቤት ይሁን። የግንባር ዓይን የጉንጭ ዓይን አይደለም፤ የአፍንጫው ከሁለቱም ይሰፋል። ከግንባር ወስዳችሁ ጉንጭ ላይ ብትለጥፉ የሚያየው ሰው ምን እንደሆነ አይነግራችሁም፤ ግን ይረበሻል።

ግንባሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጠይም ፊት የሚያምረው በወዙ ነው። የነጭ ሰው ፎቶ ላይ ተምረው የመጡ ልጆች ያበራውን ሁሉ እንደ ጉድፍ ቆጥረው ያጠፉታል፤ ፊቱ እንደ አቧራ ይሆናል። ወይም ብሩሁን ቦታ Lasso ውስጥ አስገብተው ያደበዝዙትና ነጩ በቡናማው ላይ ይፈስሳል፣ ወተት የነካው ቡና የመሰለ ግንባር ይወጣል። እኔ በዚያው መሃለኛ ሌየር ላይ ከአጠገቡ ያለውን ቡናማ በጣም ሳሳ አድርጌ እቀባለሁ፤ ብርሃኑ እስኪቀንስ እንጂ እስኪጠፋ አይደለም። ፍላሹ በጣም መትቶት 255 ላይ የደረሰ ቦታ ከሆነ ከሥሩ ምንም ቆዳ የለም። ዝርዝር ሌየሩ እዚያ ጋ ጠፍጣፋ ግራጫ ነው። ቀለም ብቻ ብትቀቡበት የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል፤ ከዚያው ግንባር ላይ ዓይን ያለውን ቆዳ በ Clone Stamp ማምጣት ያስፈልጋል።

ነጠላውን እንዳትረሱት። ነጭ ነጠላ ከጠይም አገጭ ጋር የሚገናኝበት መስመር የዚህ ዘዴ ወጥመድ ነው። ቀለም ሌየሩን በዚያ መስመር ላይ ብታደበዝዙት ነጩ ወደ ቆዳው፣ ቡናማው ወደ ነጠላው ይሻገራል፤ መልሳችሁ ስታጋቡት በአገጩ ዙሪያ ጭስ የመሰለ ክፈፍ ይቀራል። ጸጉር ከግንባር፣ ከንፈር ከቆዳ የሚገናኙበትም እንደዚሁ ነው። ብሩሻችሁ ከጠርዝ ጥቂት ይራቅ። ክፈፍ ካያችሁ ደግሞ ሌላ ቀለም አትደርቡበት፤ በማስክ ዋናውን መልሱት።

ሥራውን የምመረምረው ወደ መጨረሻ ነው፤ 100% ላይ ብቻ አፍጥጬ አይደለም። ፎቶውን በጣም አሳንሼ አያለሁ፤ የቀለም ጥፋት ከሩቅ ነው የሚታየው፣ የተለጣጠፈ ጉንጭ ያኔ ይጮሃል። ከዚያ 100% አድርጌ ዓይኑን አያለሁ። በመካከል ያለው መጠን ያታልላል። አንድ ሰዓት ከሠራሁ በኋላ ተነስቼ ቡና እጠጣለሁ፤ ይህ ስንፍና አይደለም፣ ዓይን የለመደውን ስህተት አያይም።

ዘዴው የማይችለውንም ልንገራችሁ። ከፍ ብሎ ያበጠ ጠባሳ በሁለቱም ሌየሮች ተዘርግቷል፤ ጥላውን መቀነስ ትችላላችሁ፣ ጠባሳውን ግን ማጥፋት ከንቱ ድካም ነው። ከዓይን ሥር ያለ ጥላ በግማሽ ይቀነስ፣ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ሰውየው ያልኖረውን ሕይወት የኖረ ይመስላል። ደንበኛው በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የላከላችሁን ምስል ለመለያየት አትድከሙ። ሲላክ ተጨምቋል፤ JPEG ፎቶን በ8 በ8 ፒክስል ካሬ ከፋፍሎ ስለሚጨምቅ ዝርዝር ሌየራችሁ ውስጥ የላብ ቀዳዳ ሳይሆን የወለል ንጣፍ ታገኛላችሁ። እንደ ፋይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ስልኩ ራሱ ሲያነሳ ፊቱን ያለሰለሰው ፎቶ ደግሞ ከመጀመሪያው ዓይን የለውም፤ የሌለን ነገር ማንም አያፋታውም።

ፎቶ አርታኢዎች መሃል ይህን ዘዴ የሚንቁ አሉ። እነሱ እያንዳንዷን ጥላ በ Dodge እና Burn አንድ በአንድ ማንሳትን ይመርጣሉ። ለመጽሔት ሽፋን፣ ቀን ሙሉ ለአንድ ፊት ለሚከፈለው፣ እውነታቸውን ነው። በአንድ ቅዳሜ ሦስት ሠርግ ለሚያነሳ ፎቶ ቤት ግን የእነሱ መንገድ አይሆንም። ንቀቱም የመጣው ከዘዴው አይመስለኝም፤ ቀለም ሌየሩን ፊት ሙሉ አደብዝዘው፣ ከላይ ቀዳዳ ስላለ ብቻ «ቆዳው ተጠብቋል» ከሚሉ ሰዎች ነው። የጉንጭና የአገጭ ጥላ የሚኖረው በቀለም ውስጥ ነው። እሱን ካደበዘዛችሁት ፊቱ ቀዳዳ ያለው ሳህን ይሆናል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከብጉሩ ጠባሳ ሌላ የመጀመሪያዋ ሙሽራ ግራ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት ነበራት። ያኔ እሱንም አጥፍቼው ነበር። እናትየዋ «ይቺ ማን ናት?» ያሉት ለካ ስለ ቆዳው ብቻ አልነበረም። አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ፎቶ ሲመጣላችሁም እንደዚሁ ነው፤ እሱ ጉድፍ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ ከመያዜ በፊት ደንበኛዬን ፊት ለፊት አስቀምጬ በጣቱ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ፦ የቱ ይሂድ፣ የቱ ይቅር? መልሱን ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። እናንተም ከነገ ጀምሮ ጠይቁ።

አሁን መብራቱን አብሩልን። ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደፊት ኑ፤ የሙሽራዋ ፎቶ ሳይሆን የእኔ የራሴ ፊት ነው ፋይሉ ላይ ያለው፣ ጉድፍም አላነሰበትም።